ሃምሳ ሳንቲሟ ከየት መጣች?

ልጆቼ፣ ብርን በፍሎት አታስቀምጡ የሚለውን ምክር ሳትሰሙ አልቀራችሁም። እውነት ነው። ኮምፒውተሩ ፍሎትን የሚይዘው በሁለትዮሽ ስለሆነ 19.99ን በልኩ መያዝ አይችልም። ፓይተን ላይ ሞክሩት፦

```python
print(19.99 * 100)       # 1998.9999999999998
print(int(19.99 * 100))  # 1998
```

አንድ ሳንቲም ጠፋች። መፍትሔው ሁሉንም በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር መያዝ ነው። 12 ብር ከ50 ሳንቲም ማለት 1250 ነው፣ አለቀ።

እኔም ይህን አድርጌ ተገላገልኩ ብዬ ነበር። ለአንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ የሽያጭ ፕሮግራም ሠራሁ። አንድ ቀን የሒሳብ ሠራተኛዋ ደወለች። «ጋሼ፣ ባንክ የገባው ከሪፖርቱ በ50 ሳንቲም ይበልጣል» አለችኝ። ለ50 ሳንቲም ነው የምትደውይው ብዬ ሳቅሁ። ቁጭ ብዬ ስፈልግ ግን ሳቄ ጠፋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቫት በፊት 12.50 የሚሸጥ ደብተር ነበር። የዚያን ቀን 100 ሰው አንድ አንድ ገዛ፤ ሁሉም በሞባይል ከፈሉ። የአንዱ ቫት፣ በ15 በመቶ፣ 1.875 ብር ይመጣል። ግማሽ ሳንቲም ስለሌለ ደረሰኙ ወደ 1.88 አጠጋጋው። እያንዳንዱ ሰው 14.38 ከፈለ፤ ባንክ 1438 ብር ገባ። የእኔ ሪፖርት ደግሞ የቀኑን 1250 ብር ሽያጭ ወስዶ 15 በመቶውን እንደገና አሰላው። 187.50 አገኘ። ድምሩ 1437.50 ሆነ።

ሁለቱም ስሌት ልክ ነው። ጥፋቱ አንዱን ቫት ሁለት ቦታ ማስላቴ ነበር። ሰው ከከፈለ በኋላ የሚሰላ ነገር የለም። ቫቱን ደረሰኙ ሲቆረጥ አንዴ አስሉ፣ አጠጋጉ፣ ከደረሰኙ ጋር መዝግቡ። ሪፖርቱ የተመዘገበውን ብቻ ይደምር። አንድ ደረሰኝ ላይ ብዙ ዕቃ ካለ በየዕቃው ነው ወይስ በድምሩ ላይ የሚጠጋጋው? ይህን ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ሒሳብ ክፍሉን ጠይቁ።

በየማታው የደረሰኞቹን ድምር ከክፍያዎቹ ድምር ጋር የሚያመሳክር ትንሽ ፍተሻም ጻፉ። ልዩነቱ ድፍን ዜሮ መሆን አለበት። «ከአንድ ብር በታች ከሆነ ይለፍ» የሚል መስመር አይቼ አውቃለሁ። እሱ ፍተሻ አይደለም፣ መጋረጃ ነው።

ያን ካስተካከልኩ በኋላም ተመላሽ ዕቃ ላይ ተያዝኩ። ቫቱን በሳንቲም የማሰላው እንዲህ ነበር፦

```python
(1250 * 15 + 50) // 100    # 188
(-1250 * 15 + 50) // 100   # -187
```

ፓይተን በ`//` ሲያካፍል ምንጊዜም ወደ ታች ነው የሚወርደው፤ ከዜሮ በታች ላለ ቁጥር ደግሞ ማጠጋጊያዋ 50 ወደ ተቃራኒው ትጎትታለች። 1.88 ቫት የከፈለ ደንበኛ 1.87 ይመለስለት ነበር። ቀመሩን ለመጠገን አልተጨነቅሁም። አሁን ተመላሽ ሲመጣ ፕሮግራሙ የድሮውን ደረሰኝ ያወጣና እዚያ የተጻፈውን 188 ፊቱ ላይ የመቀነስ ምልክት አድርጎ ይመዘግበዋል።