ዱባይ ሜትሮና ሻንጣችን፦ ጥያቄና መልስ

ዴይራ ስኖር ብዙ ሰው ኤርፖርት ሸኝቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ በሜትሮ። ሻንጣቸው ከልክ በላይ ሆኖ ከሜትሮው በር ሲመለሱም አይቻለሁ። በረራ እያለፈበት የሚጨነቅ ሰው ማየት ያማል። የላካችሁልኝን ጥያቄ እንደ አመጣጡ ልመልስ።

ከአል ሪጋ፦ አየር መንገዱ ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ፈቅዶልኛል። ሁለቱንም ይዤ ሜትሮ ብገባ ችግር አለው?

አለው፣ እህቴ። ሜትሮው ለአንድ ሰው የሚፈቅደው አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ሻንጣ ነው። ትልቁ ቢበዛ 81 በ58 በ30 ሴንቲ፣ ትንሹ 55 በ38 በ20 ሴንቲ። ትንሹ ማለት አውሮፕላን ውስጥ ከራስሽ በላይ የምታስቀምጪው ዓይነት ነው። ሁለት ትልልቅ ካለሽ የሚሸኝሽ ሰው በራሱ ኖል ካርድ አብሮሽ ይግባ፤ አንዱን እሱ ይያዝ። ካንቺ ሠፈር ተርሚናል 1 ሦስተኛው ፌርማታ ስለሆነ ብዙም አታደክሚውም።

ከሻርጃ፦ ከ20 ኪሎ በላይ አያስገቡም ሲባል ሰምቻለሁ። ቤት መዝኜ ልምጣ?

20 ኪሎ የሚባለው እውነት ነው፣ ግን የሻንጣ አይደለም። የኤሌክትሪክ ስኩተር ነው። በ2024 መጀመሪያ ስኩተር ጨርሶ ተከልክሎ ነበር። በዚያው ዓመት ጥቅምት አካባቢ መቀመጫ የሌለውና የሚታጠፈው ብቻ ተፈቀደ፤ ከ20 ኪሎ ሳይበልጥ፣ ከ120 በ70 በ40 ሴንቲም ሳያልፍ። ለሻንጣ የተቀመጠው ልክ የመጠን ነው። ሚዛኑን ለአየር መንገዱ ተወውና ሜትር ያዝ።

ስትለካ ጎማውንና እጀታውን ጨምር። ብዙ ሰው የሚወድቀው በቁመት ሳይሆን በውፍረት ነው፤ በዚያች 30 ሴንቲ። አንድ የሸኘሁት ልጅ ሻንጣው 76 በ50 በ32 ነበር። ሲደመር ልክ 158፣ አየር መንገዱ የሚቀበለው። የሜትሮው ሠራተኛ ግን ሆዱ የተነፋውን ሻንጣ አይቶ አስቆመን። ዙሪያውን የምትዞረውን፣ ሻንጣ የምታሰፋውን ዚፕ ከፍቶ ነበር ለካ። እዚያው መሬት ላይ ዘርግተን ወፍራሙን ብርድ ልብስ አወጣንና ዚፑን መልሰን ዘጋነው። ብርድ ልብሱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ገባ።

ከካራማ፦ የኔ ሻንጣ አይደለም፣ ካርቶን ነው። 50 በ50 በ50። ድምሩ 150 ስለሆነ ይገባል አይደል?

አይገባም። አየር መንገዱ ሦስቱን ጎን ይደምራል። ሜትሮው ግን እያንዳንዱን ጎን ለብቻው ነው የሚያየው። ያንተ ካርቶን በየትም ብታዞረው ቀጭኑ ጎኑ 50 ነው፣ የሚፈቀደው 30። ሁሉም ጎኑ እኩል የሆነ ካርቶን ለአውሮፕላን ምቹ ነው፣ ለሜትሮ ግን ከሁሉም የባሰ ነው። ዕቃው ልብስ ከሆነ ወደ ጠፍጣፋ ሻንጣ ገልብጠው። ሸክላና ጀበና ከሆነ ግን አትነካካው፣ በታክሲ ሂድ።

ከዴይራ፦ እኔን ባለ 32 ኢንች ቲቪ ይዤ መለሱኝ። ጓደኛዬ በዚያው ሳምንት ያንኑ ቲቪ ይዞ ገብቷል። ይሄ አድልዎ አይደለም?

ንዴትህ ይገባኛል። የ32 ኢንች ካርቶን አብዛኛውን ጊዜ 80 በ50 በ15 ገደማ ነው። በልኩ ከሄድን ይገባል። ግን ሌላም ደንብ አለ፦ ሌላውን ተሳፋሪ የሚያስቸግር ዕቃ መያዝ 100 ድርሃም ያስቀጣል። ሥራ መግቢያ ሰዓት ላይ ባቡሩ ጢም ሲል ያው ካርቶን «የሚያስቸግር» ይሆናል። የመጣህበትን ሰዓት አልነገርከኝም።

*ዴይራ በድጋሚ፦ ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ ነው፣ ባቡሩም ባዶ ነበር።*

እንደዚያ ከሆነ ልክ አልነበሩም ባይ ነኝ።

*ከሳትዋ አንዲት እህት፦ ቲቪ ሻንጣ አይደለም፣ ደንቡ የሚለው ሻንጣ ነው። ስለዚህ መመለሳቸው ልክ ነው።*

እንደሱ ብለው የሚተረጉሙ ሠራተኞችም አሉ። 55 ኢንች ከሆነ ግን ክርክርም የለው፤ ካርቶኑ ከአንድ ሜትር በላይ ነው።

ከአጅማን፦ ተርሚናል 2 ላይ ስንት ኪሎ ነው የሚፈቀደው?

ኪሎውን ቲኬትህ ላይ ታገኘዋለህ። እኔ የማውቀው የሜትሮውን ነው፣ ሜትሮ ደግሞ ተርሚናል 2 አይደርስም። ጣቢያ ያላቸው 1 እና 3 ብቻ ናቸው።

ከባኒያስ፦ ለቡና የምጠቀምባት ትንሽ የጋዝ ምድጃ አለችኝ። ከነሲሊንደሯ ሻንጣ ውስጥ ብከታትስ?

ሲሊንደሯን ተዪያት። የሚቀጣጠል ነገር መጠኑ ምንም ያህል ቢያንስ አይገባም፤ ቅጣቱም 1000 ድርሃም ነው። አውሮፕላኑም አይቀበልሽም። ምድጃዋን ብቻ ያዢ፣ ሲሊንደሩን አገር ቤት ትገዢያለሽ።

ከአል ሪጋ በድጋሚ፦ ወንድሜ አብሮኝ ሊገባ ተስማምቷል። በረራዬ እሁድ ጠዋት 4 ሰዓት ነው። በስንት ሰዓት እንነሳ?

እሁድ ከሆነ ሐሳቡን ተዪው። ሌላ ቀን ሜትሮው ከንጋቱ 11 ሰዓት ይጀምራል፣ እሁድ ግን ጠዋት 2 ሰዓት ነው። አይደርስልሽም። ወንድምሽ ታክሲ ያስጠራልሽ፤ ሁለቱም ሻንጣ ከታክሲው ኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ይገባል።