ሪሴት የተደረገ ኤርፎን አሁንም አልገናኝ ሲል

ጥያቄ፦ «ብሉቱዝ ኤርፎኔ ከስልኬ ጋር አልገናኝ ብሎኛል። incorrect PIN or passkey የሚል ነገር ይመጣል፤ እኔ ግን ምንም ፒን አላስገባሁም። ሲገናኝም ቀኙ ብቻ ነው የሚሰማው። የኬዙን ቁልፍ ይዤ ሪሴት አድርጌው ነበር፣ ለውጥ የለም። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ ፒኑን ይርሱት። ስልክና ኤርፎን መጀመሪያ ሲገናኙ የጋራ የሚስጥር ኮድ ይፈጥራሉ፤ ኮዱ ሁለቱም ጋ ይቀመጣል፣ ከዚያ በኋላ የሚተዋወቁትም በእሱ ነው። ኤርፎኑ ብቻ ሪሴት ሲደረግ የእሱ ኮድ ይጠፋል፣ ስልኩ ግን የድሮውን ይዞ ይቀራል። አልገናኝ የሚለው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከስልኩም ይሰረዝ፦ ሴቲንግ ውስጥ ብሉቱዝ ላይ ገብተው የኤርፎኑን ስም ይምረጡና Forget ወይም Unpair ይበሉት። Disconnect ማለት ብቻውን ምንም አይሰርዝም። በኤርፎኑ የሚጠቀሙበት ላፕቶፕ ካለ ብሉቱዙን ለጊዜው ያጥፉት፤ ከላዩ ላይ ግን አይሰርዙት፣ በኋላ እንፈልገዋለን።

አሁን ወደ ቀኙ እንምጣ። ሁለቱንም ኬዙ ውስጥ አንድ በአንድ ሲያስገቡ መብራታቸውን ይመልከቱ። ግራው ካልበራ ኬዙ ውስጥ ያሉት ቻርጅ የሚያደርጉት የብረት ነጥቦች አልነኩት ይሆናል፤ በብዙ ሞዴሎች ደግሞ የሪሴቱ ትእዛዝ የሚደርሰው በእነዚያው ነጥቦች ነው። የአንዱ መረጃ ተሰርዞ ሌላው ከነድሮ መረጃው ሲቀር ግራና ቀኝ ራሳቸው አይተዋወቁም። የጆሮ ኩክና ላብ የደረቀበትን ነጥብ አልኮል በትንሹ በነካ የጆሮ ጥጥ ይጥረጉና ይድረቅ። በመርፌ ግን አይፋቁት፣ ሽፋኑ ከተላጠ በኋላ ይዝጋል።

ሁለቱም ቻርጅ ከያዙ በኋላ ሪሴቱን ይድገሙ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ ሦስት አራት ሰከንድ ይዞ መብራቱ ብልጭ ሲል ይለቃል። ያ አብዛኛውን ጊዜ ፔር ማድረጊያ እንጂ ሪሴት አይደለም። ከኋላው ቁልፍ ያለው የኤርፖድስ ኬዝ ክዳኑ ተከፍቶ 15 ሰከንድ ያህል ይያዛል፤ መብራቱ ብርቱካንማ ከዚያም ነጭ ይሆናል። የሶኒ WH-1000XM4 ደግሞ ከቻርጀር ተነቅሎና ጠፍቶ፣ የፓወሩና የ CUSTOM ቁልፍ አንድ ላይ 7 ሰከንድ ሲያዙ ሰማያዊው መብራት አራት ጊዜ ብልጭ ይላል። የእርስዎ ሞዴል አያያዝ ማኑዋሉ ላይ አለ፤ ምን ያህል ሰከንድ እንደሆነ ብቻ ሳይሆን መብራቱ ምን እንደሚሆንም ያንብቡ።

ስልኩ ላይ ግራና ቀኙ ለየብቻ ሁለት ስም ሆነው ከመጡ አያገናኟቸው፤ ወደ ኬዙ መልሰው ሪሴቱን እንደገና ያድርጉ። አንድ ስም ብቻ ከመጣ፣ ከስልኩ ጋር ከማገናኘትዎ በፊት የላፕቶፑን ብሉቱዝ ይክፈቱ። ኤርፎኑ በራሱ ከተገናኘው የድሮው ኮድ አልጠፋም፣ ሪሴቱም አልተደረገም። እንቢ ካለው ጠፍቷል፤ ያን ጊዜ ከላፕቶፑም ሰርዘው ከስልኩ ይጀምሩ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ግራው ሠርቶ ትንሽ ቆይቶ ብቻውን የሚጠፋ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የባትሪው ነገር ነው፣ እሱን ሪሴት አያድነውም።