ሦስት ማይክሮስኮፕ ለ54 ተማሪ፦ የሽንኩርት ሴል ትምህርት ጥያቄና መልስ

የ9ኛ ክፍል መምህር፦ መምህርት፣ 54 ተማሪ አለኝ፤ የሚሠራ ማይክሮስኮፕ ግን ሦስት ብቻ ነው። በ40 ደቂቃ ሁሉም የሽንኩርት ሴል አይቶ እንዲስል ምን ላድርግ? አምና ግማሹ ሳያይ ተደወለ።

መምህርት፦ በአንድ ክፍለ ጊዜ አትሞክረው፤ ለሁለት ቀን ክፈለው። ዛሬ 27ቱ ማይክሮስኮፕ ላይ ሲሆኑ የቀሩት 27 ለሁለት የተቆረጠ ሽንኩርት ፊታቸው አስቀምጠው በዓይን የሚታየውን ይሳሉ። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ይቀያየራሉ። ይህን ሥራ ማቆያ አታድርገው። በሹል እርሳስ አንድ ወጥ መስመር መሳብንና ጥላ አለመቀባትን እዚያ ስለሚለምዱት፣ ተራቸው ሲደርስ ጊዜ አያባክኑም።

ለአንድ ማይክሮስኮፕ 9 ልጅ ይደርሳል። ሦስት ሦስት አድርገህ ለየቡድኑ 9 ደቂቃ ስጥ። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ደቂቃ ተኩል ያያል፣ ተነሥቶ ሦስት ሴል ብቻ ይስላል፣ ከዚያ ለሌላ አንድ ደቂቃ ተኩል ይመለሳል። ይህን ሁለተኛ ዙር በምንም አትዝለለው፤ ልጁ ምን እንዳላስተዋለ የሚያውቀው መሳል ከጀመረ በኋላ ነው። ሦስቱ ቡድን በ27 ደቂቃ ይጨርሳል፤ 5 ደቂቃ ለመነሻ፣ 8 ደቂቃ ለማጽዳትና ደብተር ለማየት ይተርፍሃል።

ስላይዱን አንተው ቀድመህ አዘጋጅ፤ አጥርተህም ቆይ። ልጆቹ ትንሿን ማስተካከያ ብቻ ይንኩ። በቡድን መሐል ከሽፋኑ መስታወት ጠርዝ አንድ ጠብታ ውኃ ጣል አድርግ፤ አለዚያ ሦስተኛው ቡድን የደረቀና የተጨማደደ ልጣጭ ነው የሚያየው። ስላይድ መሥራቱን በሌላ ቀን ታስተምራለህ።

የጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ባለሙያ፦ ለምን ባለ 100ውን ሌንስ በዘይት አትጠቀሙም? እኛ ወባ የምናየው በሱ ነው፤ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ይታያል።

መምህርት፦ ለደም ልክ ነዎት። የሽንኩርት ሴል ግን በጣም ረጅም ስለሆነ በዚያ ሌንስ አንዱ ሴል እንኳ ከዳር እስከ ዳር ላይታይ ይችላል። ደግሞ አንድ ልጅ ከዘይቱ ወደ ባለ 40ው ካዞረው የቀኑ ሥራ አበቃ፤ ሌንሱ በዘይት ይለወሳል፣ ቀጣዩ የሚያየው ጉም ነው። ለስዕሉ ባለ 10ው ይበቃል።

ሌላ መምህር፦ አይተው ይሳሉ ከመጽሐፍ ይገልብጡ በምን ይለያል?

መምህርት፦ የሽንኩርት ኮረት አፈር ውስጥ ነው ያደገው፤ ክሎሮፕላስት የለውም። አረንጓዴ ክብ ነጠብጣብ የተሣለበት ደብተር ካየህ ምንጩ መጽሐፉ ነው። በየሴሉ መሐል የተቀመጠ ኒውክለስም ያጠራጥረኛል፤ በአዮዲን ተነክሮ ሲታይ ብዙውን ጊዜ ወደ ግድግዳው ተገፍቶ ነው የሚገኘው። በተቃራኒው ዙሪያው በጥቁር የተከበበ ፍጹም ክብ ከሣለ፣ ልጁ በእውነት አይቷል፤ ያየው ግን የአየር አረፋ ነው። እሱን አልቀጣውም፣ መልሼ አሳየዋለሁ። አረፋው እንዳይገባ ሽፋኑን መስታወት በአንድ ጎኑ አስነክተህ ቀስ እያልክ አስተኛው።

ያው ጠያቂ፦ ስዕሉ ሥር «100 ጊዜ የጎላ» እናስጽፋለን፤ 10 በ10 ስለሆነ። ልክ ነው አይደል?

መምህርት፦ ግማሹ ልክ ነው። 100 ማይክሮስኮፑ ያጎላበት ነው፤ ልጁ የሣለው ግን በፈለገው መጠን ነው። እኔ በባለ 4ው ሌንስ ሥር ግልጽ ማስመሪያ አስቀምጬ የሚታየውን ክብ ለካሁ፤ 4.5 ሚሊ ሜትር ሆነ። በባለ 10ው ወደ 1.8 ይወርዳል። በርዝመታቸው ስድስት ሴሎች ከዳር እስከ ዳር ከደረሱ አንዱ 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ልጁ ያንን ሴል 60 ሚሊ ሜትር አድርጎ ከሣለው ስዕሉ 200 ጊዜ ጎልቷል ማለት ነው። የእናንተ ማይክሮስኮፕ ክብ ከእኔው ሊለይ ስለሚችል መጀመሪያ ለኩት።

የገጠር ትምህርት ቤት መምህርት፦ የእኛው መስታወቱ ወድቆ ተሰብሯል። የት ይጠገናል?

መምህርት፦ እህቴ፣ ጥገናውን ለሚያውቁት እተዋለሁ። እስከዚያው ግን ትንሽ የኪስ መስታወት ከሥሩ በጭቃ ወይም በሊጥ አጋድመሽ አቁሚና በመስኮት ከሚታየው ሰማይ ብርሃን ያዢ። ፀሐይዋን ራሷን በፍጹም እንዳትይዢ፤ የልጁ ዓይን ይጎዳል።

የመጀመሪያው መምህር፦ በስልክ ፎቶ አንሥቼ ሁሉም ከዚያ ቢስሉስ? ተራ መጠበቅም ይቀራል።

መምህርት፦ ባልደረቦቼ ያደርጉታል፤ መብራት ሲጠፋ እኔም አድርጌዋለሁ። ግን ሁሉም ያንኑ ሦስት ሴል ይዞ መጣ፤ ማጥራቱንም ያየ የለም። ለቀሩ ልጆች ብቻ ይሁን እላለሁ።

የላብራቶሪው ባለሙያ፦ እኔ አልስማማም። እኛ አዲስ ሠራተኛ ስናሠለጥን ሁሉም አንድ ነገር ማየቱን የምናረጋግጠው በፎቶ ነው።

መምህርት፦ እርስዎ እንዲለዩ ነው የሚያሠለጥኑት፤ እኔ እንዲፈልጉ። ለ54 ልጅ የትኛው እንደሚያዋጣ ግን ገና አልቆረጥኩም።