ዋጋችሁን ከሥራ ቀን ብዛት ሳይሆን ለደንበኛው ከሚተርፈው አውጡ

ደብረ ብርሃን ላይ በማማከር ሥራ መኖር የጀመራችሁ ልጆች ዋጋ ስትጠየቁ የምትመልሱትን አውቀዋለሁ። «8 ቀን ይፈጅብኛል፣ በቀን 4,000 ብር፣ 32,000 ብር።» ሒሳቡ ትክክል ነው። ግን ለፋብሪካው ባለቤት ምንም አይነግረውም። የእናንተ ቀን እሱን ምን አገባው? ችግሩ ሲፈታ ስንት ብር ኪሱ እንደሚቀር ነው ማወቅ የሚፈልገው። ደግሞም ሥራውን በ4 ቀን መጨረስ ስትችሉ በቀን ከተከፈላችሁ፣ በመቻላችሁ ግማሹን አጣችሁ ማለት ነው።

አንድ ፋብሪካ ላይ የሠራሁትን ልንገራችሁ። ቁጥሮቹን ለሒሳብ እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ። ውኃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣው ቦይለር በዓመት የ12 ሚሊዮን ብር ጥቁር ናፍጣ ያነዳል። እንፋሎቱ ሥራውን ጨርሶ ውኃ ሲሆን በቱቦ ወጥቶ ቦይ ውስጥ ይፈስሳል። በዚህ ከተማ ብርድ፣ ጠዋት ጠዋት ከቦዩ ጭሱ ሲትጎለጎል ከአጥር ውጭ ይታያል። ቦይለሩ ደግሞ በምትኩ ከገንዳ 15 ዲግሪ የሆነ ቀዝቃዛ ውኃ ይሞላል። እጃችሁን ገንዳው ውስጥ ብትከቱ ያቆረፍዳል።

የቦይለር ሰው የሚያውቃት አንዲት መለኪያ አለች። ወደ ቦይለሩ የሚገባው ውኃ ሙቀት በ6 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ነዳጅ በ1 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። የሚፈስሰውን ሙቅ ውኃ ሰብስበን ብንመልሰው ገንዳው ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ይደርሳል። ልዩነቱ 45 ነው፤ ለ6 ሲካፈል 7.5 በመቶ። ከ12 ሚሊዮኑ 900,000 ብር ይሆናል።

ታዲያ ይህን ቁጥር እኔ አልተናገርኩትም። ባለቤቱን «ጋሼ፣ ለናፍጣ በዓመት ስንት ይከፍላሉ?» ብዬ ጠየቅኩ። የሒሳብ ሹሟን ጠርተው ደረሰኞቹን አስደመሩ። ቴርሞሜትሩን ገንዳው ውስጥ አብረን ከተትን። ማካፈሉንም ራሳቸው አደረጉት። ይህን ደረጃ አትዝለሉት። አማካሪ ይዞት የመጣውን ቁጥር ባለቤት ይጠራጠራል፤ ከራሱ ደረሰኝ የወጣውን ግን አይከራከርም።

ከዚያ ቀነስነው። ቱቦ በመንገድ ላይ ሙቀት ያጣል፣ የሚያፈስስም አይጠፋም። ስለዚህ 600,000 ያዝን። ለታንኩ፣ ለፓምፑ፣ ለቱቦውና ሙቀት ለሚይዝለት መሸፈኛ 350,000 ወጣ። በመጀመሪያው ዓመት 250,000 ይተርፋል። እኔ 100,000 ጠየቅኩ። እኔንም ከፍለው በዚያው ዓመት 150,000 ይቀራቸዋል፣ ከዚያ በኋላ ግን በየዓመቱ 600,000። «ስንት ቀን ትሠራለህ?» የሚል ጥያቄ አልመጣም።

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ውሉ ላይ ነው። «ካተረፋችሁት ይህን ያህል በመቶ ስጡኝ» የሚል ውል ሲያዩት ፍትሐዊ ይመስላል፤ ዓመቱ ሲያልቅ ግን ጭቅጭቅ ነው። ምርት ከጨመረ ናፍጣውም ይጨምራል፣ ያኔ «የታለ ቁጠባው?» ትባላላችሁ። የናፍጣ ዋጋ ቢወጣም ያው ነው። ስለዚህ ክፍያው ቁርጥ ይሁን። ግማሹ ውል ሲፈረም፣ ግማሹ ደግሞ ፋብሪካው በሙሉ ኃይል እየሠራ የገንዳው ቴርሞሜትር 55 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲያሳይ። እሱ በእጃችሁ ያለ ነገር ነው፣ ማንም ያየዋል። ባለቤቱ ቁጠባውን በኋላ መከታተል ከፈለገ፣ በወር የወጣውን ብር ሳይሆን ለአንድ ኩንታል ምርት ስንት ሊትር እንደሄደ ይመዝግብ። ይህ መዝገብ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ካልተከፈተ፣ ከምን ጋር ታወዳድሩታላችሁ?

የቁጠባ መልክ ኖሮት ብር ያልሆነም አለ። «የሁለት ሠራተኛ ሥራ አቀልላለሁ» ብላችሁ ደመወዛቸውን እንደ ቁጠባ አትቁጠሩ። ሁለቱም እዚያው ከቆዩ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያም ካልቀነሰ፣ ከባለቤቱ ኪስ የሚወጣው ያው ነው። እሱ ይህን ከእናንተ ቀድሞ ያየዋል።

ደግሞ ይህ የዋጋ አተማመን ለሁሉም ሥራ አይሆንም። በመንግሥት ጨረታ ባለሙያና ቀን ቆጥረህ ሙላ የሚል ቅጽ ከመጣ፣ እንደ ቅጹ ሙሉ። የቦይለር ደህንነት ምርመራ ከሆነ ክፍያችሁን ከቁጠባ ጋር በፍጹም አታያይዙት። ሴፍቲ ቫልቩ ይቀየር ማለት ያለበት ሰው፣ ወጪ ባነሰ ቁጥር የሚጠቀም መሆን የለበትም። የነዳጅ ወጪው በዓመት 200,000 ብር የሆነ ዳቦ ቤት ቢጠራችሁም፣ 7.5 በመቶው 15,000 ብር ነው። ከዚያ ላይ የሚከፈል የአማካሪ ዋጋ የለም። ቱቦውን መሸፈኛ አልብሱት ብላችሁ፣ ቡናችሁን ጠጥታችሁ ውጡ።