«ጣቷ ተቆረጠ» የሚለው ሪፖርት ወዴት ይሂድ? ጥያቄና መልስ

ሐዋሳ ውስጥ በልብስ ስፌት ፋብሪካዎች የሥራ ደኅንነት ክፍል ስሠራ ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል። በእነዚህ ዓመታት የሰለቸኝ ሥራ የተሳሳተ ሳጥን ላይ ምልክት የተደረገበትን የአደጋ ሪፖርት ቅጽ ማረም ነው። ስለዚህ ጠይቁኝ።

ከታቦር፣ የመስመር አለቃ፦ «መቁረጫ ክፍል ውስጥ አንዲት ልጅ ጣቷ ተቆረጠ። አራት ቀን ዐርፋ ተመልሳለች። ቅጹ ላይ ‹ቀላል› ብዬ ሞላሁ። አጠፋሁ?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ ምላጩ ጣቷን ሰንጥቆ ነው የተወው ወይስ ጫፉን ወስዶታል? በአማርኛችን ሁለቱንም «ተቆረጠ» እንላለን፤ መዘዙ ሁሉ የሚመጣውም ከዚህ ነው። ቅጹን ተቀብሎ ወደ ፋይል የሚያስገባው ሰው ደም አላየም፤ ያየው ያንን አንድ ቃል ነው።

እኔ ራሴ በጀማሪነቴ፣ ስሙን በማልጠቅሰው ፋብሪካ፣ «የግራ እጅ ጠቋሚ ጣት ተቆረጠ፣ ቀላል፣ ታክማ ተመልሳለች» ብዬ ጻፍኩ። ቅጹ ከክሊኒክ መሳቢያ አልወጣም፤ «ቀላል» የተባለ ነገር ከዚያ አያልፍም ነበርና። ከሰባት ወር በኋላ ልጅቷ ጨርቅ ስትይዝ ጣቷ አልታጠፍ አለ። ለሐኪሞች ቦርድ ስትቀርብ የመጀመሪያውን ሪፖርት አምጪ ተባለች። የእኔ ጽሑፍ የሚመሰክረው ስለ ተሰነጠቀ ቆዳ ነው፤ የጎደለውን የጣት ጫፍ የሚያነሳ ቃል የለውም። ቀርቤ ማስረዳት ነበረብኝ።

ስለዚህ ያንተን ቅጽ እንዲህ አስተካክለው። ከሥራ የቀረችበትን ቀን ስትቆጥር አደጋ የደረሰበትን ቀን አትቁጠር። ሰኞ ከተጎዳችና ቅዳሜ ከገባች ከማክሰኞ እስከ ዓርብ አራት ቀን ነው። ይህ የክብደቱ አንድ ገጽታ ብቻ ነው። ሌላው በሰውነቷ ላይ የቀረው ነገር ነው። ጫፉ ከተወሰደ «የአካል ክፍል መቆረጥ» የሚለው ላይ ምልክት አድርግ፤ የትኛው ጣት፣ እስከ የትኛው አንጓ እንደሆነም ጻፍ። «ዘላቂ ጉዳት» በሚለው ፊት «የለም» አትበል፤ «በሐኪም ይወሰናል» በል። አራት ቀን ብቻ ዐርፎ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ጉዳት ይዞ የሚመለስ ሰው አለ።

መንገዱ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። አንዱ ቅጂ ለሥራ ሁኔታ ቁጥጥር ይሄዳል፤ አሠሪ በሥራ ላይ የሚደርስ አደጋን መዝግቦ የማሳወቅ ግዴታ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ተጥሎበታል። ሌላው የሰው ኃይል ክፍል ዘንድ ሆኖ የቦርዱን ውሳኔ ይጠብቃል። ቦርዱ የሚሰጠው የጉዳት መጠን በመቶኛ 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ የግል ድርጅት ሠራተኞችን ጡረታ የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤትም ጉዳዩ ይመለከተዋል። «ቀላል» ብለህ ከዘጋኸው እነዚህ በሮች ሁሉ አይከፈቱም።

ከመናኸሪያ፣ የክሊኒክ ነርስ፦ «አጥንት ካልተነካ መቆረጥ አይባልም። ቁስል ነው። እኛ የምንጽፈው እንደዚያ ነው።»

እኅቴ፣ ለሕክምና መዝገብሽ እውነት ሊሆን ይችላል፤ አጥንት መነካቱ ለሕክምናው ትልቅ ልዩነት አለው። ለአደጋ ሪፖርት ግን አይሠራም። ብዙዎቻችን ልብስ ስንልክ የኖርነው ወደ አሜሪካ ነው፤ የዚያ አገር የሥራ ደኅንነት ደንብ የጣት ጫፍ አጥንት ሳይነካ ቢወሰድም መቆረጥ ይለዋል። ሥጋው ከቦታው ከተለየ ተለይቷል። አጥንቱን በተመለከተ አንድ መስመር ጨምሪበት፤ ሁለቱ አይጣሉም።

ከጥቁር ውሃ፣ የሰው ኃይል ሠራተኛ፦ «ሠራተኛ የሚያመላልሰው አውቶቡሳችን ከባጃጅ ጋር ተጋጨ። ሦስት ሠራተኞች ተጎድተዋል። ትራፊክ ፖሊስ መዝግቦታል። እኛ ምን ቀረን?»

ግማሹ ቀርቷችኋል። አሠሪው ባቀረበው ወይም ለዚሁ በተከራየው መጓጓዣ ሲመላለስ የተጎዳ ሠራተኛ በሥራ ላይ እንደተጎዳ ይቆጠራል፤ የአዋጁን አንቀጽ 97 ተመልከቱ። ስለዚህ ሦስቱም በፋብሪካው መዝገብ በየስማቸው፣ በሦስት ቅጽ መስፈር አለባቸው። አንድ ግጭት ነው ብሎ አንድ ቅጽ መሙላት የተለመደ ስሕተት ነው።

የፖሊስን ደረጃ ገልብጣችሁ አታምጡ። ትራፊክ ፖሊስ ሞት፣ ከባድ የአካል ጉዳት፣ ቀላል የአካል ጉዳት፣ የንብረት ጉዳት ብሎ ይለያል፤ የሚፈልገው ጥፋተኛውን ነው። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪው ግን አደጋው ከሥራው ጋር ያለውን ግንኙነትና ሠራተኛው ምን ያህል ከሥራ እንደቀረ ይጠይቃል። የጊዜ ገደቡም ይለያያል። በዓለም አቀፍ አቆጣጠር የመንገድ አደጋ ሞት የሚባለው ተጎጂው በ30 ቀን ውስጥ ከሞተ ነው። በሥራ አደጋ ግን ሞቱ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ይቆጠራል። ሆስፒታል የተኛ ሰው ካላችሁ ቅጹን «ተዘግቷል» አትበሉት።

ከባህል አዳራሽ፦ «የእኔም ባጃጅ ባለፈው ወር በአውቶቡስ ተገጭቷል። መስታወቱንና የፊት ጎማውን ማን ይከፍለኛል?»

ጋሼ፣ ይህ ቅጽ ለእርስዎ አይሆንም። የፖሊሱን ማስረጃ ይዘው የአውቶቡሱ መድን ሰጪ ዘንድ ይሂዱ። እርስዎ ራስዎ ተጎድተው ከሆነ ደግሞ የሕክምና ወረቀቱን አይጣሉት።

ከሐይቅ ዳር፣ ሰፊ፦ «ቀኝ እጄ ሌሊት ይደነዝዛል፤ መቀስ ይወድቅብኛል። አለቃዬ ቅጹ ቀን ይጠይቃል ብሎ ያለፈውን ማክሰኞ ጻፈበት። ማክሰኞ ምንም አልሆንኩም።»

እኅቴ፣ ያንን ቅጽ አስመልሺው። አለቃሽ ክፋት የለበትም፤ ባዶ ሳጥን አስጨንቆት ነው። ግን የማክሰኞው ቀን ጉዳይሽን «አደጋ» ያደርገዋል። ተቆጣጣሪው መጥቶ «ማክሰኞ ምን ሆነች?» ሲል አጠገብሽ የምትሰፋው ልጅ «ምንም» ትላለች፤ እውነቷን ነው። ጉዳዩ እዚያ ላይ ይወድቃል።

ያንቺ ነገር ቀስ እያለ የመጣ ነው፤ ስለዚህ የሚገባው «በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታ» ወደሚለው ክፍል ነው። እዚያ የሚያስፈልገው ሐኪም መጀመሪያ ያየበት ቀንና የሥራሽ ታሪክ ነው፦ በየትኛው ማሽን፣ ስንት ወር፣ በቀን ስንት ሰዓት፣ እጅሽ እንዴት ታጥፎ። ሐኪሙ ደግሞ ነርቭ ነው ወይስ ጅማት የሚለውን ይለይልሽ። «እጅ ያማታል» የሚል ወረቀት ብዙ ርቀት አይወስድም።

ከታቦር፣ የመስመር አለቃ፣ እንደገና፦ «የልጅቷ ጫፍ ተወስዷል። ቅጹን ልቅደደውና አዲስ ልሙላ?»

አትቅደድ! የድሮው ይኑር፤ በላዩ የማስተካከያ ቅጽ አያይዝ፣ ቀኑንና ለምን እንዳስተካከልክ ጻፍ። የተቀደደ ቅጽ የተደበቀ ነገር ይመስላል።

ከአዲስ ከተማ፣ የደኅንነት ባለሙያ፦ «ሠራተኛ ማሽን ላይ ሳለች ራሷን ስታ ወደቀች። የተጋጨ የለም፣ የተቆረጠ የለም። አደጋ ነው በሽታ?»

በዚህ ላይ ከባልደረቦቼ ጋር እስከ ዛሬ አልተስማማንም። አንዱ የራሷ ሕመም ነው ይላል፤ ሌላው ፋብሪካ ውስጥ በሥራ ሰዓት ከሆነ አደጋ ነው ባይ ነው። እኔ ስትወድቅ ግንባሯ ከተፈነከተ ፍንክቱን በአደጋ እመዘግባለሁ፤ የመውደቋን መነሻ ለሐኪም እተዋለሁ። ያ ሐኪም እንዲፈርድ ግን በዚያው ሰዓት የክፍሉን ሙቀት፣ ከመቼ ጀምሮ ቆማ እንደነበርና ቁርስ በልታ እንደሆነ ጽፌ አያይዛለሁ። በማግሥቱ ከተጠየቀ ሁሉም ሰው ክፍሉ ቀዝቃዛ ነበር ይላል።