ማስተማሩን አታውጣው

«ለ6 ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ፣ አሁን የሶፍትዌር ቴስተር ሥራ እየፈለግኩ ነው። ሲቪዬ ላይ ማስተማሩን ልተወው?»

አትተወው ወንድሜ። ካወጣኸው የ6 ዓመት ክፍተት ይቀራል፤ ቃለ መጠይቅ ላይም መጀመሪያ የሚጠይቁህ ስለሱ ነው። ግን «ሒሳብ አስተማርኩ» ብለህ ብቻ አትለፈው።

እኔም መምህር ነበርኩ። ውጤት የምንሞላበት የኤክሴል ፋይል ድምሩን ሁልጊዜ ለ4 ያካፍል ነበር። አንድ ልጅ 80፣ 90 እና 70 አምጥቶ አራተኛውን ፈተና ታሞ ቀረ። ቦታው ባዶ ስለተተወ አማካዩ 60 ሆነ፤ መሆን የነበረበት 80 ነው። ስህተቱን ያገኘሁት ካርድ ሊታተም ሲል ነው፣ እስካሁን ትዝ ይለኛል።

ሲቪዬ ላይ ከመምህርነቱ ሥር ይህንኑ እንደ ባግ ሪፖርት አሳጥሬ ጻፍኩት፦ አንድ ውጤት ባዶ ሲተው፣ የሚጠበቀው 80፣ የታየው 60፤ ምክንያቱ ቋሚ አካፋይ። ቃለ መጠይቁ ላይ አብዛኛው ጥያቄ ከዚህ መስመር ተነሣ፤ «ባዶ ሳይሆን 0 ቢሞላስ? 101 ቢሞላስ?» እያሉ።

የሥራ መደቡን ግን «የሒሳብ መምህር» ብለህ ከነትክክለኛ ዓመቱ ተወው። «ቴስተር» ብለህ ከቀየርከው፣ ትምህርት ቤቱ ጋ ሲደውሉ ይታወቃል። ራስህ የሞከርከው አፕ ካለ ከነቴስት ኬሱ ከሥራ ልምዱ በላይ አስቀምጠው።