ሪያል ባለበት ቆሞ ብር ለምን ይንቀሳቀሳል?

ሰሞኑን ከወሎ ከደረሱኝ ጥያቄዎች አራቱ ስለ ምንዛሪ ናቸው። አንዱ መልስ ለሌላው ስለሚያግዝ አብሬ አቅርቤያቸዋለሁ።

«ልጄ ሪያድ ነው የምትሠራው። በየወሩ 1,000 ሪያል ትልክልኛለች። ድሮ 15 ሺህ ብር ገደማ ነበር የሚደርሰኝ፤ አሁን ከዚያ በጣም ይበልጣል። እሷ ግን ደመወዜ አልተጨመረም ትለኛለች። ሪያሉ ነው የተወደደው?» (አንዲት እናት፣ ከሐይቅ)

አይ እናቴ፣ ሪያሉ እዚያው ነው። ሳዑዲ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገንዘቧን ከዶላር ጋር አስራዋለች። አንድ ዶላር 3 ሪያል ከ75 ነው፤ ያኔም ዛሬም። ስለዚህ የልጅዎ 1,000 ሪያል ሁልጊዜም 266 ዶላር ከምናምን ነው።

የተቀየረው ብሩ ነው። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ባንክ ቤት አንድ ዶላር 57 ብር ተኩል ገደማ ነበር። በዚያ ሒሳብ 15,300 ብር አካባቢ ይደርስዎታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ተመኑን ለገበያ ለቀቀው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዶላር 100 ብር አለፈ። ያው 1,000 ሪያል ከ26 ሺህ ብር በላይ ሆነ ማለት ነው።

ብሩ በዛ ማለት ግን ኑሮው በዚያው ልክ ቀለለ ማለት አይደለም። ዘይቱም ነዳጁም መድኃኒቱም በዶላር ነው የሚገባው።

«መምህራችን ቋሚ ተመን፣ ነፃ የካፒታል ዝውውርና የራስ የገንዘብ ፖሊሲ ሦስቱ አንድ ላይ አይገኙም አሉን። ሳዑዲ ግን ሦስቱም ያላት ይመስለኛል። የቱ ጋ ነው የሳትኩት?» (የኢኮኖሚክስ ተማሪ፣ ከደሴ)

ሦስተኛው፣ ማለትም ወለዷን በራሷ ፍላጎት መወሰን፣ የላትም፣ ወንድሜ። ነገሩን እንዲህ እየው። አንድ የጅዳ ባለሀብት ገንዘቡን ዛሬውኑ ኒው ዮርክ ማሻገር ይችላል፤ የሚከለክለው የለም። ተመኑም ስለታሰረ በምንዛሪ ለውጥ እከስራለሁ ብሎ አይሰጋም። እንግዲህ የአሜሪካ ባንክ 5 በመቶ ወለድ እየከፈለ የሳዑዲው 2 በመቶ ቢከፍል ምን ያደርጋል? ሪያሉን ሸጦ ዶላር ይገዛል። ማዕከላዊ ባንኩ ደግሞ በ3.75 ዶላር እሸጣለሁ ብሎ ቃል ገብቷል። ሁሉም እንደዚያ ካደረገ የባንኩ የዶላር ክምችት ይራቆታል። ያን ላለማየት የራሱን ወለድ ከአሜሪካው ጋር ማስኬድ ግድ ይሆንበታል።

የሆነውም ይኸው ነው። የአሜሪካው ፌዴራል ሪዘርቭ ከመጋቢት 2022 እስከ ሐምሌ 2023 እ.ኤ.አ. ወለዱን ከዜሮ አካባቢ አንስቶ ከ5.25 እስከ 5.50 በመቶ ሲያደርስ፣ ሳዑዲም ተከትላ ለባንኮች የምታበድርበትን ወለድ 6 በመቶ አደረሰች።

ዋጋው የሚታየው የሁለቱ አገር ችግር ሲለያይ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የቤት ብድር ቀውስ ውስጥ ስለነበረች ወለድ ቀነሰች። በዚያው ዓመት በሳዑዲ የዋጋ ንረቱ ከ10 በመቶ አልፎ ነበር። ወለድ መጨመር ሲገባት ባንኮች እሷ ዘንድ ለሚያስቀምጡት ገንዘብ የምትከፍለውን ወለድ ዝቅ አደረገች። ኩዌት ይህ መንገድ አላዋጣ ስላላት ዓመት ቀድማ፣ በግንቦት 2007፣ ከዶላር ብቻ ተላቃ ወደ ብዙ ገንዘቦች ቅርጫት ሄዳለች።

መምህርህ ያስተማሩህ ሐሳብ ሮበርት ሙንደልና ማርከስ ፍሌሚንግ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከሠሩት ጥናት የመጣ ነው።

«ተመኑ ቋሚ እያለ ዋጋችንን እናውቅ ነበር። አሁን ዕቃ አዝዤ እስኪደርስ ዶላር ይጨምርብኛል። መንግሥት እንደ ሳዑዲ መልሶ ለምን አያስረውም?» (የመለዋወጫ ነጋዴ፣ ከኮምቦልቻ)

ዋጋውን ታውቅ ነበር፤ ዶላሩን ግን ታገኘው ነበር? ኤልሲ፣ ማለትም ባንክ ለውጭ ሻጭ የሚገባውን የክፍያ ዋስትና፣ ለመክፈት ወር ሙሉ፣ አንዳንዴም ዓመት ወረፋ የጠበቀውን ነጋዴ አንተም ታውቀዋለህ።

የእኛ የድሮ ምርጫ ከሳዑዲ የተለየ ነበር። ተመኑን አሰርን፣ ወለዱንና የብር ሕትመቱን በእጃችን አደረግን፣ በምትኩ ገንዘብ ወደ ውጭ የሚወጣበትን የካፒታል በር ዘጋን። በወረቀት ላይ ይሠራል። ዶላር ከ1965 ዓ.ም. አንስቶ እስከ 1985 መጀመሪያ 2 ብር ከ7 ሳንቲም የቆየው እንደዚያ ነው። ከዚያ በአንድ ጊዜ 5 ብር ገባ።

ችግሩ ገንዘቡ እንዳይወጣ ያጠርነው አጥር ላይ ነው። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። የቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ ደግሞ 7 በመቶ። 100 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 107 ይዞ ሲወጣ፣ በ100 ብር ይገዛው የነበረው ዕቃ ከ130 አልፏል። እንዲህ ከሆነ ማን ነው ብር ይዞ የሚቀመጠው? ሰው ወደ ዶላር ይሸሻል። በሩ ዝግ ከሆነ በጓሮ ይወጣል። ለምሳሌ አንዱ ላኪ ሰሊጡን በ100 ሺህ ዶላር ሸጦ 70 ሺህ ብሎ ያስመዘግባል፤ 30 ሺው ዱባይ ይቀራል። አስመጪው በተቃራኒው የዕቃውን ዋጋ አስወድዶ ይጽፋል። ሃዋላው ጅዳ ላይ ሪያል ተቀብሎ ደሴ ላይ ብር ያድላል፤ ሪያሉ ባንካችን ደጃፍ ሳይደርስ ይቀራል።

አጥሩ እንዲህ ሲያፈስ፣ ሕጉ ምንም ቢል ካፒታሉ እየተንቀሳቀሰ ነው። ያኔ ሦስቱንም ልያዝ ብለሃል፤ ዕዳው የሚወድቀውም በክምችቱ ላይ ነው። ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ የብሔራዊ ባንክ ክምችት የአንድ ወር የገቢ ዕቃ እንኳን አይሸፍንም ነበር። ሳዑዲ ነዳጇን በዶላር ሸጣ በመቶ ቢሊዮኖች የሚቆጠር ክምችት ይዛ ነው ቃሏን የምትጠብቀው።

እንሰር ካልን መንግሥት ጉድለቱን በታተመ ብር መሙላት ማቆም አለበት። ያንን ሳያደርግ ካሰረው፣ የኛ ዋጋ በየዓመቱ እየናረ ተመኑ ባለበት ስለሚቆም፣ እዚያው ኮምቦልቻ የሚሰፋው ልብስ ለውጭ ገዢ እየተወደደ ይሄዳል። እኔ አይታሰር ባይ ነኝ።

ያንተ ጭንቀት ግን እውነተኛ ነው። በብር እየሸጥክ በዶላር አትበደር። ቅድመ ክፍያ ስትቀበልም ዋጋው የሚጸናበትን ቀን ጻፍበት።

«ወንድሜ ከጅዳ በባንክ ከሚልክ በሰው እጅ ቢልክ የበለጠ ብር ይደርሰናል። ተመኑ ከተለቀቀ ልዩነቱ ለምን አይጠፋም?» (ከከሚሴ)

በፊት ልዩነቱ እጥፍ ገደማ ደርሶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ጠብቧል። ጨርሶ የማይጠፋው አጥሩ ሙሉ በሙሉ ስላልፈረሰ ነው። ቁጠባውን ዱባይ ማስቀመጥ የሚፈልግ ሰው ባንክ ዶላር አይሸጥለትም። ስለዚህ ለወንድምህ ሪያል ጨምሮ ይከፍላል። በሰው እጅ የተላከ ገንዘብ ሕገወጥ ነው፤ ቢጠፋም ደረሰኝ የለውም።

ያችን ልዩነት ግን ተከታተላት። ለሳምንት ብትሰፋ ምንም አይደለም። ለወራት እየሰፋች ከሄደች አንድም የባንኩ ተመን በስውር ተይዟል፣ አለዚያም ብር ከሚገባው በላይ እየተረጨ ነው። የትኛው እንደሆነ ለመለየት የዋጋ ንረቱን ቁጥር ብሔራዊ ባንክ ለሌሎች ወለዶች መነሻ እንዲሆን በሐምሌ 2016 በ15 በመቶ ካስጀመረው የፖሊሲ ወለድ ጋር አስተያየው። ንረቱ ከወለዱ በልጦ ከቆየ ብሩ በዝቷል ማለት ነው። ንረቱ ዝቅ ብሎ ልዩነቱ ብቻ ከሰፋ ግን ባንኮች የሚለጥፉትን ተመን ተጠራጠር።